የሥራ ማመልከቻ መከታተያ፦ ደብተር፣ ቴሌግራም፣ ሺት ወይስ ትሬሎ?

ጥር 2018 ላይ ታናሽ እህቴ ስልኳን አቀበለችኝና «እስቲ ያቺን የጀማሪ አካውንታንት ማስታወቂያ ፈልግልኝ፣ ዛሬ ነገ ስል ጠፋችብኝ» አለችኝ። ጋለሪዋን ስከፍተው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ሁሉ ከአጎታችን ልጅ የሠርግ ፎቶ ጋር ተደባልቋል። ከስንት ፍለጋ በኋላ ተገኘች። ምዝገባው ያበቃው ግን ትናንትና ነበር።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። በዚያ ወር ብቻ 14 ቦታ አመልክታለች። ነገር ግን ግማሹ በጋለሪ፣ ግማሹ በቴሌግራም፣ ጥቂቱ በኢሜይል፣ የቀረው ደግሞ «አስታውሰዋለሁ» በሚል በጭንቅላቷ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብረን አራት መንገድ ሞክረናል፦ ደብተር፣ ቴሌግራም፣ ጉግል ሺትስ እና ሥራን በካርድ የሚያሰልፈው ትሬሎ የተባለ መተግበሪያ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ሙከራ የወጣ ነው። የምናገረው በአብዛኛው አዲስ አበባ ሆኖ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ የግል ድርጅትም፣ ዓለም አቀፍ ድርጅትም ለሚያመለክት ሰው ነው።

መሣሪያዎቹን የመዘንኩት በሦስት ጥያቄ ነው። ይህ ቦታ የሚዘጋው መቼ ነው? ቀጥሎ ምን አደርጋለሁ፣ በየትኛው ቀን? የሰጠኋቸው የትኛውን ሲቪና የትኛውን ደብዳቤ ነው? ስልክ ተደውሎ «ከእገሌ መሥሪያ ቤት ነው» ሲባል እነዚህን ቶሎ የማይመልስ መዝገብ፣ ምንም ቢያምር፣ ለእኔ መዝገብ አይደለም።

የመጨረሻ ቀን ተሰልቶ ነው የሚገኘው

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመርሳት ሳይሆን በመቁጠር ነው። የአገራችን ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ቀኑን አይነግራችሁም። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይልና ቆጠራውን ለእናንተ ይተወዋል።

ረቡዕ ጥር 6 ቀን 2018 ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ እንውሰድ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ስለሚል ረቡዕን አንድ ብለን እንጀምር፤ ሐሙስ ሁለት፣ ዓርብ ሦስት። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ እሱም አይቆጠርም። ማክሰኞ አራት፣ ረቡዕ ጥር 13 አምስት። ይኸው የመጨረሻው ቀን ጥር 13 ሆነ። ነገር ግን ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ሳይጨምር ከሐሙስ የሚጀምር ሰው ጥር 14 ላይ ይደርሳል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ድርጅት ደግሞ ቅዳሜን አራተኛ አድርጎ ማክሰኞ ጥር 12 ይዘጋዋል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት የተለያየ ቀን ወጣ ማለት ነው፤ ሦስቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው።

እኛ የያዝነው ደንብ ቀላል ነው። ከሦስቱ ቀዳሚውን እንመዘግባለን፣ ማስታወቂያው ላይ ስልክ ካለ ደግሞ ደውለን «ቅዳሜ ትመዘግባላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። የእህቴ ቦታ ያመለጠው በዚሁ ነው። እሷ ጥር 13 ብላ አስባ ነበር፤ እነሱ ቅዳሜን ቆጥረው ጥር 12 ዘግተዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ የቴሌግራም ቻናል ነው። ቻናሉ ዓርብ የለጠፈው ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ረቡዕ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቆጠራው የሚጀምረው ከጋዜጣው ቀን እንጂ እናንተ ካያችሁበት ቀን አይደለም። ምስሉን አስፍታችሁ የጋዜጣውን ቀን ፈልጉ። ካልታየ ለጥንቃቄ ሁለት የሥራ ቀን ቀንሳችሁ ያዙ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። «እስከ ቀኑ 11፡30» ማለት በስልካችሁ አቆጣጠር 5:30 PM ነው። ስልኩ ላይ እንዳለ 11:30 ብሎ የሞላ ሰው ማስታወሻው የሚጮህለት ወይ ረፋዱ ላይ፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። በተቃራኒው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በቅጥር ድረ ገጹ በኢንስፒራ የሚያወጣቸው ቦታዎች፣ አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ጨምሮ፣ የሚዘጉት በኒውዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጥር ላይ ያ ለእኛ በማግስቱ ጠዋት 1፡59 ነው። በዚያች ሌሊት ግን አትተማመኑባት፤ መብራት ወይም ኔትወርክ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

ደብተር

ደብተርን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ድረስ በአካል ሄዶ ለሚመዘገብ ሰው የሚያህለው የለም። መዝጋቢዋ የምዝገባ ቁጥር ስትነግራችሁ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማችሁ ትጽፋላችሁ፤ ቻርጅ አይጠይቅም፣ ካርድ አይፈልግም።

ድክመቱ ቀን አለማሳየቱ ነው። ማመልከቻዎቹን በቅደም ተከተል ስትጽፏቸው ነገ የሚዘጋው ሦስት ገጽ ወደኋላ ተቀብሮ ይቀራል። ለዚህ እህቴ ያገኘችው መላ ደስ ይላል። ግራ ገጹን ለማመልከቻ ዝርዝር ትታ ቀኝ ገጹን የወር መቁጠሪያ አደረገችው። የእኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ነው (ጳጉሜን ለብቻዋ ናት)፣ ስለዚህ 30 መስመር ቆጥሮ ከ1 እስከ 30 ቁጥር መስጠት ብቻ በቂ ነው። ከጎኑ የፈረንጁን ቀን በትንሹ ትጽፋለች። ጥር 12 መስመር ላይ «አካውንታንት፣ ይዘጋል»፣ ጥር 10 መስመር ላይ «አካውንታንት፣ ኮፒ ይዘጋጅ»። ጠዋት ቀኝ ገጹን ብቻ ታያለች።

በአንድ ጊዜ ክፍት የሆኑ ማመልከቻዎቻችሁ ከአምስት ስድስት ካልበለጡ ሌላ ነገር አትፈልጉም፤ በዚህ ላይ የስልክ አላርም መጨመር ይበቃል። ከአሥር ካለፈ ግን ስርዝ ድልዝ ይበዛና ራሳችሁ የጻፋችሁትን ማመን ታቆማላችሁ።

ቴሌግራም

አብዛኛው ማስታወቂያ የሚደርሰን በቴሌግራም ስለሆነ `Saved Messages` ውስጥ ማስቀመጥ ተፈጥሯዊ ነው። አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ቻናሉ በኋላ ልጥፉን ቢያጠፋው እንኳ ፎርዋርድ ያደረጋችሁት ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቀራል። ከወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ተፈላጊ ችሎታው ምን ይል እንደነበር ማየት የምትችሉት በዚህ ነው። ሌላም አለው፤ እዚያው `Saved Messages` ውስጥ መልእክት ጽፋችሁ የመላኪያውን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት `Set a Reminder` ይመጣል። ቀንና ሰዓት ሰጥታችሁት በሰዓቱ ይጮኻል።

መከታተያ ለመሆን ግን አይበቃም። ማስታወሻው አንዴ ከጮኸ በኋላ ከሌላው መልእክት ጋር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ከጮኸ አለቀ። ምስል ላይ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። «የትኞቹ ላይ መልስ እየጠበቅሁ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁትም መልስ የለውም። ስለዚህ ቴሌግራምን እንደ ፖስታ ሳጥን ያዙት፦ ማስታወቂያው እዚያ ይገባል፣ ማታ ወደ ዋናው መዝገብ ይገለበጣል።

ጉግል ሺትስ

የእኛ የመጨረሻ ምርጫ ይህ ሆነ፣ ግን ያለ ጣጣ አይደለም። ዓምዶቹ ስምንት ናቸው፦ የወጣበት ቀን፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ መደብ፣ የተሰጠው የቀን ብዛት፣ የመጨረሻ ቀን፣ ቀጣይ እርምጃ፣ ቀጣይ ቀን፣ የተላከው ሰነድ ያለበት ፎልደር። መጀመሪያ ስንሠራው 17 ዓምድ ነበረው፤ ደመወዝ፣ አድራሻ፣ የኃላፊ ስም ምናምን። በሁለተኛው ሳምንት መሙላት አስጠላን።

ትልቁ ጥቅሙ የቀኑን ቆጠራ ራሱ መሥራቱ ነው። በሌላ ገጽ ላይ «በዓላት» ብላችሁ የዓመቱን በዓላት በፈረንጅ ቀን ትዘረዝራላችሁ፤ ዒድ አልፈጥርና አረፋ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ሲታወጁ ይታረማሉ። ከዚያ በመጨረሻ ቀን ዓምድ ውስጥ ይህን ታስገባላችሁ፦

```
=WORKDAY.INTL(A2-1, D2, 11, 'በዓላት'!$A$2:$A$20)
```

`A2-1` የወጣበት ቀን ራሱ እንዲቆጠር ያደርጋል። `11` ደግሞ የዕረፍት ቀን እሑድ ብቻ ነው ማለት ነው፣ ይኸውም ቅዳሜ ይቆጠራል። የጥር 6ቱን ማስታወቂያ፣ ማለትም 2026-01-14ን፣ ከ5 ቀን ጋር ስትሰጡት 2026-01-20 ይመልሳል፤ ያም ጥር 12 ነው። ቀዳሚው ቀን በራሱ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ እንደማይሠራ ካረጋገጣችሁ `11`ን በ`1` ስትተኩት ጥር 13 ይሰጣችኋል።

ጣጣው የቀን አጻጻፍ ነው። ሺቱ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 06/05/2018 ብላችሁ ጥር 6ን ብትጽፉ ፋይሉ እንደተስተካከለበት አገር ወይ ሜይ፣ ወይ ጁን ብሎ ይወስደዋል፤ ዓመቱ ደግሞ ከስምንት ዓመት በፊት የነበረው የፈረንጅ 2018 ይሆናል። ምንም ስህተት አያሳይም፣ ዝም ብሎ ይሰላል። ምልክቱ የመጨረሻው ቀን ዓመት 2018 ሆኖ መውጣቱ ነው። ለስሌት የሚገባው ቀን ሁሉ 2026-01-14 በሚል ዓይነት ይጻፍ። የኢትዮጵያውን ቀን ማየት የሚፈልግ «ጥር 6» ብሎ በፊደል ይጻፈው፤ ያን ጊዜ ሺቱ እንደ ጽሑፍ ብቻ ያየዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ሺት አይጮህም። ካልከፈታችሁት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ ሲገባ የመጨረሻው ቀን በስልኩ ካላንደር ላይም ይገባል፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ (በስልኩ 9:00 AM) እንዲያስታውስ ሆኖ። ሁለት ቦታ መጻፍ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፤ ግን በየረድፉ ግማሽ ደቂቃ ነው። ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ በስልኩ መተግበሪያ ፋይሉን `Make available offline` ብታደርጉት ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

ትሬሎ

ካርዱን ከ«ላመልክት» ወደ «አመልክቻለሁ»፣ ከዚያ ወደ «ፈተና» መጎተት ያስደስታል፤ የመጨረሻ ቀን ሰጥታችሁትም ያስታውሳል። ነገር ግን የሥራ ቀን አይቆጥርላችሁም፣ 14 ቦታ በአንድ ዕይታ በቀን ቅደም ተከተል ለማየትም በስልክ ስክሪን ላይ አይመችም። ለሥራው ከዚህ በፊት የለመደው ሰው ይቀጥልበት። አዲስ ለሚጀምር ግን ከሺት የሚበልጥበት አልታየኝም።

ካመለከታችሁ በኋላ ያለው ቀን

«ለፈተና የተመረጡ ብቻ ይጠራሉ» የሚል ማስታወቂያ መቼ እንደሚጠሩ አይናገርም። ሰው አመልክቶ ረድፉን «ተልኳል» ይልና ይተወዋል፤ ረድፉ የሚሞተው ያኔ ነው። እኛ ጋ አንድ ግዴታ አለ፦ ያልተዘጋ ረድፍ ሁሉ «ቀጣይ ቀን» ይኖረዋል። ባዶ ሲሆን ቢጫ እንዲቀባ፣ ሁለት ቀንና ከዚያ በታች ሲቀረው ደግሞ ቀይ እንዲሆን በ`Conditional formatting` ሁለት ደንብ አስገብተናል፦

```
=AND($B2<>"", $G2="")
=AND($G2<>"", $G2<=TODAY()+2)
```

ከማመልከቱ በፊት ቀጣዩ ቀን የዝግጅት ቀን ነው። ካመለከታችሁ በኋላ ምዝገባው ከተዘጋበት አምስት የሥራ ቀን ቆጥራችሁ የሰው ኃይል ክፍሉን የምትጠይቁበት ቀን ይሆናል። ስትደውሉ የምዝገባ ቁጥራችሁንና የሥራ መደቡን መጠሪያ ይዛችሁ፣ «ማጣራቱ አልቋል ወይስ በሂደት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ገና ነው» ካሉ መቼ ብትደውሉ እንደሚሻል ጠይቃችሁ የነገሩዋችሁን ቀን አስገቡ። ሁለት ጊዜ ተደውሎ መልስ ካልተገኘ ረድፉን «ዝግ» ወደሚል ሌላ ገጽ አውጡት። ቢጠሩዋችሁ ከዚያ ትመልሱታላችሁ፤ እስከዚያ ዓይናችሁን አይሙላው።

የትኛውን ሰነድ ነው የሰጠኋቸው?

ይህን ከአራቱ መሣሪያዎች አንዱም ብቻውን አይፈታውም፣ ፎልደር ይጠይቃል። እህቴ ላፕቶፕ ላይ `CV_final`፣ `CV_final2`፣ `CV_final_last` ነበሩ። አንድ ድርጅት ጠርቷት ቃለ መጠይቅ ላይ «እዚህ ላይ የጻፍሽው የፒችትሪ ልምድ» ሲሏት የትኛው ቅጂ ላይ እንደጻፈችው አላስታወሰችም።

አሁን አንድ `00_Master` የሚባል ፎልደር አለ፤ ማረምና መለወጥ የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው። በተላከ ቁጥር አዲስ ፎልደር ይከፈታል፣ ለምሳሌ `2018-05-06_Accountant`፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ 05። በዚህ ቅደም ተከተል ሲጻፍ ፎልደሮቹ በራሳቸው በቀን ይሰለፋሉ፣ ግን አንዱን 2018 ሌላውን 2026 እያላችሁ ካደባለቃችሁ ይበላሻል። ውስጡ የሚገባው የተላከው ፒዲኤፍ፣ የማመልከቻ ደብዳቤውና የማስታወቂያው ምስል ነው። ከተላከ በኋላ እዚያ ውስጥ ምንም አይነካም፤ የፊደል ስህተት ብታገኙ እንኳ የሚታረመው ማስተሩ ነው። የፎልደሩ ስም ሺቱ ላይ በመጨረሻው ዓምድ ይጻፋል፣ ደብተር ለያዘ ደግሞ በማመልከቻው መስመር ጫፍ።

ሲቪው በሁለት ቅጂ ይያዝ፣ አንዱ በኢትዮጵያ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር። በ2015 የተመረቀ ሰው «ዓ.ም.» ሳይል 2015 ብሎ ለዓለም አቀፍ ድርጅት ቢልክ አንባቢው የፈረንጁን 2015 ይወስዳል፤ ከተመረቀ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ የቆየ ይመስላል።

ከሲቪው ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሥራ ልምድ ደብዳቤን ነው። ዲግሪና ትራንስክሪፕት አያረጁም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ግን ያረጃል። እህቴ ሥራ የጀመረችው ጥቅምት 1 ቀን 2016 ነው። እጇ ላይ የነበረው ደብዳቤ የተጻፈው መስከረም 20 ቀን 2018 ሲሆን «ከጥቅምት 1 ቀን 2016 ጀምሮ እየሠሩ ይገኛሉ» ይላል። ጥር ላይ ሁለት ዓመት የሚጠይቅ ቦታ ስታመለክት እሷ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሠርታለች፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ግን ሁለት ዓመት ሊሞላ አሥር ቀን ሲቀረው ድረስ ነው። መዝጋቢ የሚያነበው ወረቀቱን ነው፣ «አይሞላም» ተብላ ተመለሰች። አዲስ ደብዳቤ ለማግኘት አራት ቀን ፈጀ። ስለዚህ የደብዳቤው ፋይል ስም ላይ የተጻፈበት ቀን ይግባ፣ ማስታወቂያ ስትመዘግቡም ደብዳቤያችሁ የሚጠየቀውን ዓመት ይሞላ እንደሆነ እዚያው አስሉ። ካልሞላ «ቀጣይ እርምጃ» ላይ የሚጻፈው «አመልክት» ሳይሆን «ደብዳቤ አሳድስ» ነው፣ ቀኑም የዛሬ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ስለሚጠይቁ እሱንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ሁለቴ ከመመላለስ ያድናል።

እንግዲህ የቱን?

የምታመለክቱት በአካል ከሆነና ክፍት ያላችሁ ጥቂት ከሆነ ባለ 30 መስመር ደብተርና አላርም። በኢሜይልና በድረ ገጽ በሳምንት ሦስት አራት የምትልኩ ከሆነ ሺትና ካላንደር። ቴሌግራም ለሁለቱም የፖስታ ሳጥን ይሁን። ሁለት ዋና መዝገብ ግን አትያዙ። እኛ ለሦስት ሳምንት ደብተሩንም ሺቱንም ይዘን ነበር፤ አንዱ «ይዘጋል ሐሙስ» ሌላው «ዓርብ» ሲል ጋዜጣውን እንደገና ፍለጋ ገባን።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት የፈተናውን ቀንና የተመረጡትን ስም የሚለጥፈው በግቢው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው፤ አይደውሉም፣ ኢሜይል የላቸውም። ለእንደነዚህ ያሉት «ቀጣይ እርምጃ» ላይ የምንጽፈው «ሰሌዳ እይ» ነው፣ ቀጣይ ቀኑም በየሦስት ቀኑ ይታደሳል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ አብረዋችሁ ከተመዘገቡት የአንዱን ስልክ ተቀበሉና ተራ ገብታችሁ እዩ። እህቴ ለመጨረሻው ፈተና የተጠራችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስሟን ሰሌዳው ላይ አይታ የደወለችላት ከእሷ ፊት ተሰልፋ የተመዘገበች ልጅ ነበረች።